በፎቶ የተላከን የወባ ሠንጠረዥ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

የሸዋሮቢት ከተማና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ለወባ ተጋላጭ አካባቢ ነው። የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት የበሽታው ሥርጭት ይጨምራል። በወረቀት ላይ የተጠቃለለ የታካሚዎች ሠንጠረዥ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሲተላለፍ፣ አንድ አንባቢ «ከወባ ሕሙማኑ 60 በመቶው በአጎበር ሥር ያደሩ ናቸው፤ እንግዲያው አጎበር አይጠቅምም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ መደምደሚያው ለምን እንደሚሳሳት የሚከተለው ምሳሌ ያሳያል። በምሳሌው ያሉት አኃዞች ለማስተማሪያ ብቻ የተዘጋጁ ናቸው።

ትኩሳት ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ የመጡ 800 ሰዎች የደም ምርመራ ተደርጎላቸዋል እንበል። እያንዳንዱ ሰው በሁለት መስፈርት ተመዝግቧል፤ ይኸውም በአጎበር ሥር የማደር ልማድ ያለው መሆኑና የምርመራው ውጤት ነው።

| | ወባ ተገኘ | ወባ አልተገኘም | ድምር |
|---|---|---|---|
| በአጎበር የሚያድሩ | 60 | 540 | 600 |
| ያለ አጎበር የሚያድሩ | 40 | 160 | 200 |
| ድምር | 100 | 700 | 800 |

በመጀመሪያ ፎቶውን ማጣራት

ከስሌቱ በፊት በፎቶው ላይ የሚነበቡት ቁጥሮች እርስ በርስ መስማማታቸው ይረጋገጣል። ለምሳሌ 160 የሚለው ደብዝዞ 180 ተብሎ ቢነበብ፣ የሁለተኛው ረድፍ ድምር 220 ይሆናል፤ በጠርዙ ላይ የተጻፈው ግን 200 ነው። በዚያው ሳጥን የሚያልፈው ዓምድም 720 ይሆናል፤ የተጻፈው 700 ነው። ልዩነቱ በሁለቱም አቅጣጫ 20 ስለሆነ፣ ስሕተቱ ያለው ረድፉና ዓምዱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ መሆኑ ይታወቃል። የድምሩ ዓምድ ከፎቶው ተቆርጦ ከቀረ ደግሞ የውስጥ ቁጥሮቹን በመደመር መልሶ ማግኘት ይቻላል። የረድፍና የዓምድ ርእሶች ተቆርጠው ከቀሩ ግን ስሌት ሊተካቸው አይችልም፤ ፎቶው እንደገና እንዲላክ መጠየቅ ይገባል።

ሦስቱ የዕድል ዓይነቶች

ሦስቱም የሚሰሉት በማካፈል ነው። የሚለያዩት ከየትኛው ቁጥር ተነሥቶ ለየትኛው እንደሚካፈል ነው።

የጣምራ ዕድል ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ላይ አብረው የመገኘታቸው ዕድል ነው። የውስጥ ሳጥኑ ቁጥር ለጠቅላላው ድምር ይካፈላል። ከተመርማሪዎቹ አንዱ በዕጣ ቢመረጥ፣ በአጎበር የሚያድርና ወባ የተገኘበት የመሆን ዕድሉ 60 ÷ 800፣ ማለትም 7.5 በመቶ ነው።

የጠርዝ ዕድል አንዱን መስፈርት ብቻ ይመለከታል። በሠንጠረዡ ጠርዝ ላይ ያለው ድምር ለጠቅላላው ድምር ይካፈላል። ወባ የተገኘበት ሰው የመመረጥ ዕድሉ 100 ÷ 800፣ ማለትም 12.5 በመቶ ነው።

ሁኔታዊ ዕድል አንዱ ነገር አስቀድሞ ከታወቀ በኋላ የሌላውን ዕድል ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ አካፋዩ 800 መሆኑ ይቀራል፤ የታወቀው ረድፍ ወይም ዓምድ ድምር ይተካዋል። ሌሎቹ ረድፎች ወይም ዓምዶች በእጅ እንደተሸፈኑ አድርጎ ማሰብ ለጀማሪ ይረዳል።

የተሳሳተው መደምደሚያ

«60 በመቶ» የተባለው የመጣው ከመጀመሪያው ዓምድ ነው፤ 60 ÷ 100። ይህም «ወባ ከተገኘባቸው መካከል ምን ያህሉ በአጎበር ያድራሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የአጎበርን ጥቅም የሚመለከተው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «በአጎበር ከሚያድሩት መካከል ምን ያህሉ ላይ ወባ ተገኘ?» የሚል ነው። ለዚህ በረድፍ ማንበብ ያስፈልጋል። በአጎበር ከሚያድሩት 60 ÷ 600፣ ማለትም 10 በመቶ፤ ያለ አጎበር ከሚያድሩት ደግሞ 40 ÷ 200፣ ማለትም 20 በመቶ ወባ ተገኝቶባቸዋል። አጎበር በማይጠቀሙት ላይ ድርሻው እጥፍ ነው። በሕሙማኑ መካከል የአጎበር ተጠቃሚዎች የበዙት መጀመሪያውኑ ከ800ው ተመርማሪዎች 600ው ተጠቃሚዎች ስለሆኑ ነው።

ሠንጠረዡ በመቶኛ ብቻ የተሞላ ከሆነ፣ 100 የሚሞላው በየትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ይታያል። ረድፉ ሲደመር 100 ከሞላ መቶኛው ለረድፉ፣ ዓምዱ ከሞላ ለዓምዱ ነው። አራቱ የውስጥ ሳጥኖች በአንድነት 100 ከሞሉ ደግሞ የጣምራ ዕድሎች ናቸው።

የሠንጠረዡ ወሰን

12.5 በመቶው የሚናገረው ትኩሳት ይዟቸው ስለመጡት ሰዎች እንጂ ስለ አካባቢው ነዋሪ ሁሉ አይደለም። የ10 እና የ20 በመቶው ልዩነትም ሙሉ በሙሉ በአጎበር ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ያለ አጎበር ከሚያድሩት መካከል ማሳ ለመጠበቅ ውጭ የሚያድሩ ሰዎች ከበዙ፣ ለትንኝ ንክሻ ይበልጥ የተጋለጡት በዚያም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ውጭ ለሚያድሩና ቤት ለሚያድሩ ሁለት የተለያዩ ሠንጠረዦች አዘጋጅቶ በእያንዳንዳቸው ረድፎቹን ማነጻጸር ያስፈልጋል።