የኃላፊው የጠዋት ኢሜይል

አንድ የግዥ ክፍል ኃላፊ ጠዋት 2፡30 ላይ ኮምፒውተሩን ሲከፍት 40 ኢሜይል ጠበቀው እንበል። ዘዴው እያንዳንዱን አንዴ ከፍቶ ከአራት ውሳኔዎች አንዱን መስጠት ነው፤ መሰረዝ፣ ለሌላ ሰው መምራት፣ ቀጠሮ መስጠት ወይም እዚያው መሥራት።

መሰረዙ ቀላል ነው። ማስታወቂያውና ለመረጃ ያህል በግልባጭ የመጣው ይወገዳል፤ ለኦዲት የሚፈለገው ግን ፋይል ይደረጋል። እዚያው ለሚሠራው ደግሞ ዴቪድ አለን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፍ የታወቀ መለኪያ አለ፦ ከሁለት ደቂቃ በታች የሚወስድ ከሆነ አሁኑኑ ይጨረስ።

የሚያስቸግሩት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንድ አቅራቢ የጄኔሬተሩን ዋጋ አሻሽሎ ላከ። ኃላፊው "እስቲ እየው" ብሎ ለባለሙያው ቢመራው ሥራው ባለቤት አላገኘም። "ሦስቱን ዋጋ አወዳድረህ እስከ ሐሙስ 9 ሰዓት የውሳኔ ሐሳብህን ላክልኝ" ቢለው ግን የሚጠበቅበት ግልጽ ነው። ኃላፊውም ሐሙስን በካላንደሩ ላይ ይመዘግባል፤ አለዚያ ጉዳዩ የሚታወሰው አቅራቢው ደውሎ ሲቆጣ ነው።

ቀጠሮውም ቀንና ሰዓት ይፈልጋል። የበጀት ክለሳው አንድ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ረቡዕ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይያዝለት። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ኢሜይሉን እንዳልተነበበ ምልክት አድርገው ይተዉትና ቀጠሮ የሰጡት ይመስላቸዋል። አንዱ ጉዳይ ለሦስተኛ ጊዜ ከተሸጋገረ ወይ የመጀመሪያው እርምጃ አልታወቀም፣ ወይ የሌላ ሰው ሥራ ነው፣ ወይም ድሮውኑ መሰረዝ ነበረበት።