ስድስት ነጥብ ሮስተር ላይ ሲጨመር

ካርድ ከተሰጠ በኋላ አንድ ተማሪ የሒሳብ ፈተና ወረቀቱን ይዞ ወደ መምህሩ ይመለሳል እንበል። የመጨረሻው ገጽ ታርሟል፤ ነጥቡ ግን አልተደመረም። የቀረው 5 ነጥብ ነው።

መምህሩ ቸኩሎ 5 ቢጨምር ተማሪው ይጎዳል። ፈተናው የታረመው ከ50 ነው፤ ሮስተር ላይ የሚገባው ግን ወደ 60 ተቀይሮ ነው፤ ቀሪው 40 የተከታታይ ምዘና ነው። ስለዚህ 5 ለ50 ይካፈልና በ60 ይባዛል፤ 6 ይሆናል። የተማሪው የ10 ትምህርቶች ድምር ከ826 ወደ 832፣ አማካዩም ከ82.6 ወደ 83.2 ከፍ ይላል። የዓመቱ አማካይ የሁለቱ ሴሚስተሮች ድምር ለ2 ተካፍሎ የሚገኝ ስለሆነ ጭማሪው እዚያ ሲደርስ በግማሽ ያንሳል፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር 80 ከነበረ 81.3 የነበረው 81.6 ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ የአንድ ልጅ ነው። ወላጅ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣ?» ብሎ ነው፤ ደረጃ ደግሞ የብቻ አይደለም። ከእርማቱ በፊት 831 ያመጣው 6ኛ፣ እኩል 829 ያመጡት ሁለቱ 7ኛ፣ ይህ ተማሪ 9ኛ ነበር። አሁን እሱ 6ኛ ሲሆን ባለ 831ዱ 7ኛ፣ ሁለቱ እኩሎች 8ኛ ይሆናሉ። 9ኛ የሚባል አይኖርም፤ 10ኛው ባለበት ይቆያል። አንድም ነጥብ ያልተነካባቸው የሦስት ልጆች ካርድ እንደገና መጻፍ አለበት ማለት ነው። ክፍል ኃላፊው ለነርሱ ወላጆች የሚሰጠው ማብራሪያ ከስሌቱ ይከብዳል።

ሮስተሩ በኤክሴል ከተሠራና ደረጃው በእጅ ካልተጻፈ ለውጡ ራሱ ይከተላል፤ ቀመሩ ትክክል ከሆነ። የ40 ተማሪዎች ድምር ከ2ኛው እስከ 41ኛው ረድፍ በM ዓምድ ላይ ቢሆን የመጀመሪያው ተማሪ ቀመር ይህ ነው፦

```
=RANK(M2,$M$2:$M$41)
```

የዶላር ምልክቶቹ ከተረሱ ቀመሩ ወደ ታች ሲቀዳ የሚያወዳድረው ክልልም አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው ተማሪ ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም፤ ሦስተኛው ከላዩ ካሉት ከሁለቱም ያመልጣል። ስማቸው በፊደል ተራ ስለተጻፈ ዓይን ቶሎ አይይዘውም። ስህተቱ የሚታወቀው ከታች ነው፤ የመጨረሻው ተማሪ ከራሱ ጋር ብቻ ስለሚወዳደር ምንም ያህል ቢያመጣ 1ኛ ይወጣል።

ካርዱ ዳግም ከመታተሙ በፊት አንድ ማረጋገጫ ይቀራል። የሁሉም ተማሪዎች ድምር ወደ ታች ሲደመርና የየትምህርቱ ድምር ወደ ጎን ሲደመር አንድ ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ ያም ቁጥር ከቀድሞው የሚበልጠው በ6 ብቻ ነው። በ5 ከበለጠ የፈተናው ነጥብ ወደ 60 ሳይቀየር ገብቷል።