የዘር ምደባ በተለያዩ አገሮች

የዘር ምደባ ሰዎችን በቆዳ ቀለም፣ በጸጉር ዓይነት፣ በመልክ ወይም በትውልድ «ነጭ»፣ «ጥቁር»፣ «ክልስ» እያሉ በቡድን መክፈል ነው። በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል የትውልድ ሐረግንም ብሔርንም ያመለክታል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን የሚያመለክተው ይህን ክፍፍል ብቻ ነው። የምደባው ደንብ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ መልኩም ወላጆቹም ያልተለወጡ አንድ ሰው ድንበር በመሻገሩ ብቻ ምድቡ ሊቀየር ይችላል። የዘር ምድብ የተፈጥሮ ሳይሆን የኅብረተሰብ ሥራ ነው ለሚለው አስተሳሰብ ዋና ማስረጃ ከሚሆኑት አንዱ ይህ ነው።

ለምሳሌ ባራክ ኦባማን መውሰድ ይቻላል። 44ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ1961 እ.ኤ.አ. በሆኖሉሉ ከተማ ከኬንያዊ አባትና ከነጭ አሜሪካዊት እናት ተወለደ።

አሜሪካ፦ በትውልድ መመደብ

በአሜሪካ ለረጅም ጊዜ የሠራው ደንብ «የአንድ ጠብታ ደንብ» ይባላል። በዚህ ደንብ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ እንኳ አፍሪካዊ የሆነ ሰው፣ መልኩ ምንም ቢሆን፣ ጥቁር ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ቆጠራው ከአንድ በላይ ምድብ መምረጥን ይፈቅዳል። ኦባማ ግን በ2010 ቆጠራ ላይ የመረጠው ጥቁር የሚለውን ምድብ ብቻ ነው። በሕዝቡም ዘንድ የሚታወቀው የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ተብሎ ነው።

ደንቡ በአንድ ግዛት ውስጥ እንኳ ጸንቶ አልኖረም። ከስምንቱ ቅድመ አያቶቹ አንዱ ብቻ አፍሪካዊ የሆነ የቨርጂኒያ ነዋሪ እንውሰድ፤ ድርሻው አንድ ስምንተኛ ነው። እስከ 1910 እ.ኤ.አ. ሕጉ የሚያገለው አንድ አራተኛና ከዚያ በላይ ያለውን ስለነበር፣ ይህ ሰው በሕግ ነጭ ነበር። በ1910 ወሰኑ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሲወርድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይነሳ ነጭነቱን አጣ። በ1924 ደግሞ ማንኛውም የአፍሪካ ትውልድ ነጭነትን እንዲያስቀር ተደነገገ።

ብራዚል፦ በመልክ መመደብ

የብራዚል ሕዝብ ቆጠራ አምስት ምድቦች አሉት፦ ብራንኮ (ነጭ)፣ ፕሬቶ (ጥቁር)፣ ፓርዶ (ክልስ ወይም ጠይም)፣ አማሬሎ (የምሥራቅ እስያ ተወላጅ) እና ኢንዲዥና (የአገሩ ነባር ሕዝብ)። ምድቡን የሚመርጠው ተቆጣሪው ራሱ ነው፤ ከትውልድ ይልቅ መልክ ስለሚታይም የአንድ እናትና አባት ልጆች በተለያየ ምድብ ሊገቡ ይችላሉ። በ2022 ቆጠራ 45.3 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ ራሱን ፓርዶ ብሏል። ኦባማ እዚያ ቢወለድ ፓርዶ የመባሉ ዕድል ሰፊ ነበር።

በመልክ መመደብም የራሱ ችግር አለው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ለጥቁሮች በተመደበው ኮታ ወደ ብራዚሊያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አመለከቱ። ፎቶግራፋቸውን የተመለከተው ኮሚቴ አንዱን ጥቁር ነው ብሎ ሲቀበል ሌላውን አይደለም አለ። ውሳኔው የተሻረው አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው።

ደቡብ አፍሪካ፦ በመንግሥት መዝገብ መመደብ

በአፓርታይድ ዘመን በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው በዘር መዘገበ። ነጭ ማለት በመልኩ ነጭ የሚመስል ወይም በኅብረተሰቡ እንደ ነጭ የሚቆጠር ሰው ነበር። ነጭም ጥቁር አፍሪካዊም ያልተባለው «ከለርድ» በሚባል ምድብ ይገባ ነበር፤ እንደ ኦባማ ያለ የተቀላቀለ ትውልድ ያለው ሰው የሚመዘገበውም በዚሁ ነበር። ምዝገባው የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማርና ማንን እንደሚያገባ ይወስን ነበር።

በ1955 የተወለደችው ሳንድራ ላይንግ ወላጆቿ ነጭ ተብለው የተመዘገቡ ነበሩ፤ እሷ ግን በቆዳዋ ጥቁረትና በጸጉሯ ምክንያት በ1966 ከነጮች ትምህርት ቤት ተባርራ ከለርድ ተባለች። በማግስቱ ዓመት የሁለት ነጮች ልጅ ነጭ ነው የሚል ማሻሻያ ሲወጣ ተመልሳ ነጭ ተባለች። ምዝገባውን ያቋቋመው ሕግ የተሻረው በ1991 ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ «ቀይ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» የሚሉት ቃላት የሰውን መልክ ይገልጻሉ እንጂ የተለየ ወገን አያመለክቱም፤ እኅቱ ቀይ፣ እሱ ጥቁር ቢሆን የሁለቱም ዘር ያው ነው። የሕዝብ ቆጠራ የሚጠይቀውም ብሔርን እንጂ የቆዳ ቀለምን አይደለም። በአገሩ ቀይ ሲባል የኖረ ኢትዮጵያዊ አሜሪካ ሲገባ ግን «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» የሚለው ምድብ ይጠብቀዋል።

የሐሳቡ ወሰን

ምድቡ የኅብረተሰብ ሥራ ነው ማለት በሰዎች መካከል የተፈጥሮ ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የቆዳ ቀለም ከወላጅ ይወረሳል፤ ሆኖም ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው መልክ ቀስ በቀስ የሚለወጥ ስለሆነ ድንበሩ የት ላይ እንደሚያርፍ ተፈጥሮ አይናገርም። የዘረመል ተመራማሪው ሪቻርድ ሌዎንቲን በ1972 እንዳሳየው፣ 85 በመቶ ያህሉ የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው። እንዲሁም ምድቡ ሰው ሠራሽ ነው ማለት ውጤት የለውም ማለት አይደለም፤ ሳንድራ ላይንግን ከትምህርት ቤት ያስወጣት ይኸው ሰው ሠራሽ ምድብ ነው።