የተጠበቀው የታክስ ተመላሽ ለምን አነሰ?

በአሜሪካ የታክስ ተመላሽ፣ በተለምዶ ሪፈንድ የሚባለው፣ በዓመቱ ውስጥ አስቀድሞ ከተከፈለው ገንዘብ ላይ የዓመቱ ታክስ ሲነሳ የሚተርፈው ነው። በመሆኑም ተመላሹ ሲያንስ ወይ በቅድሚያ የተከፈለው ቀንሷል፣ ወይ ታክሱ ጨምሯል፣ ወይም ሁለቱም ሆነዋል። የሒሳብ ባለሙያ ለደንበኛው የሚጽፈው ማብራሪያ ከዚህ ይነሳል። በ2024 ፎርም 1040 ላይ የዓመቱ ጠቅላላ ታክስ በመስመር 24፣ የተከፈለው በመስመር 33፣ ትርፉ ደግሞ በመስመር 34 ይገኛል። ያለፈውን ዓመት ፎርም ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ እነዚህን ሦስት መስመሮች ማስተያየት ለውጡ ከየት እንደመጣ ያሳያል።

በብዙ ቤተሰብ ላይ የሚደርስ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት በ2024 ከደመወዝ በድምሩ 70,000 ዶላር አግኝተዋል፤ ከዚህም ላይ 4,000 ዶላር የፌዴራል ገቢ ታክስ ተቆርጧል። በዚያው ዓመት ባልየው በትርፍ ሰዓቱ በራሱ መኪና ምግብ ማድረስ ጀመረ። ትልቁ ልጅ ደግሞ በኅዳር ወር 17 ዓመት ሞላው። ሁለቱ ለውጦች ባይኖሩ ኖሮ ታክሳቸው 4,432 ዶላር ሆኖ፣ በልጆቹ ክሬዲት 4,000 ዶላር ተቀንሶለት 432 ብቻ ይቀር ነበር። ተመላሻቸው 3,568 ዶላር ይሆን ነበር ማለት ነው። የደረሳቸው ግን 685 ዶላር ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት የልጁ ዕድሜ ነው። በ2024 ለአንድ ልጅ እስከ 2,000 ዶላር የሚደርሰው የልጆች ታክስ ክሬዲት የሚሰጠው በታክሱ ዓመት መጨረሻ 17 ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው። የሚታየው በታኅሣሥ 31 ያለው ዕድሜ ስለሆነ፣ ልጁ አብዛኛውን ዓመት 16 ዓመቱ መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ክሬዲቱ በወራት ተካፍሎም አይሰጥም። ልጁ አሁንም በወላጆቹ እጅ ቢሆን፣ አንድ ቤት ቢኖርና ትምህርት ላይ ቢሆንም፣ በ2,000ው ምትክ የሚገኘው ለሌሎች ጥገኞች የሚሰጠው 500 ዶላር ነው። ለዚህ ቤተሰብ ጉድለቱ 1,500 ዶላር ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የምግብ ማድረሱ ሥራ ነው። ከሥራው 11,360 ዶላር ገብቷል። ባልየው ለሥራው የነዳውን 8,000 ማይል መዝግቦ ስለያዘ፣ በ2024 መደበኛ ተመን በማይል 67 ሳንቲም ታስቦ 5,360 ዶላር ወጪ ተነስቶለት የተጣራ ትርፉ 6,000 ዶላር ሆኗል። መዝገብ ባይኖረው ወጪውን ማስረዳት ያስቸግረው፣ ታክሱም በዚያው መጠን ይከብድ ነበር።

በዚህ ትርፍ ላይ ሁለት ታክስ ያርፍበታል። አንደኛው የግል ሥራ ታክስ ነው። ተቀጣሪ ሠራተኛ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፍለው ግማሹን ሲሆን፣ ቀሪውን አሠሪው ይሸፍናል። ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱንም ወገን ይከፍላል፤ ድምሩም 15.3 በመቶ ነው። ሒሳቡ የሚሠራው በትርፉ 92.35 በመቶ ላይ በመሆኑ፣ በ6,000 ዶላር ላይ 848 ዶላር ገደማ ይመጣል። ይህን ታክስ የልጆች ክሬዲት አይቀንሰውም። ሁለተኛው መደበኛው የገቢ ታክስ ነው። የግል ሥራ ታክሱ ግማሽና ለአነስተኛ ንግድ የሚፈቀደው ተቀናሽ ከተነሱ በኋላ፣ በቀሪው ላይ በ12 በመቶ 535 ዶላር ገደማ ይጨመራል።

1,500፣ 848 እና 535 ሲደመሩ 2,883 ዶላር ይሆናሉ። ይህ ከ3,568 ላይ ሲነሳ የቀረው 685 ነው። ከሥራው ክፍያ ላይ ምግብ አድራሹ ድርጅት ምንም ታክስ ስላልቆረጠ፣ የሥራው ታክስ በሙሉ ከደመወዝ ከተቆረጠው ላይ ተነሥቷል።

አንዳንዴ ግን በፎርሙ የተጻፈው አንድ፣ ባንክ የገባው ሌላ ይሆናል። ያን ጊዜ ምክንያቱ ከሒሳቡ ውጭ ነው። አይአርኤስ ስሌቱን አርሞ ከሆነ ምን እንደለወጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ይልካል። ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ ወይም የክፍለ ግዛት ታክስ ዕዳ ካለ ደግሞ ከተመላሹ ሊቆረጥ ይችላል፤ ለዚህም ከግምጃ ቤቱ የተለየ ማስታወቂያ ይመጣል። ስለዚህ ሂሳብ ሠሪው ከመጠየቁ በፊት ደብዳቤውን ማየት ይቀድማል።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት መንገድ አለ። ባልየው በደመወዝ ሥራው ለአሠሪው አዲስ ደብሊው-4 ሞልቶ፣ በደረጃ 4(ሐ) መስመር ላይ ከየደመወዙ ተጨማሪ እንዲቆረጥ ማድረግ ይችላል። ወይም በፎርም 1040-ኢኤስ በዓመት አራት ጊዜ፣ በሚያዝያ፣ በሰኔ፣ በመስከረምና በጥር አጋማሽ ገደማ፣ የሚገመተውን ታክስ ይከፍላል። በደብሊው-4 ላይ ለልጆች የተሞላ ሒሳብ ካለም የ17 ዓመቱ ልጅ በ500 ዶላር ብቻ መታሰቡን ማረጋገጥ ያሻል፤ አለዚያ ከደመወዝ የሚቆረጠው አንሶ በሚያዝያ ዕዳ ሊመጣ ይችላል።