ዳቦ ቤቱ ራሱን የሚችለው በስንተኛው ኩንታል ነው?

ዳቦ ቤት ውስጥ ሥራ የሚለካው በኩንታል ነው። «ዛሬ ስንት ጋገራችሁ?» ብትሉ «አንድ ኩንታል» ወይም «አንድ ተኩል» ትባላላችሁ እንጂ የዳቦ ቁጥር አይነገራችሁም። ሒሳብ አዋቂዎች ብሬክ ኢቭን የሚሉትን፣ ማለትም ንግዱ ሳያተርፍም ሳይከስርም ወጪውን ብቻ የሚሸፍንበትን የሽያጭ መጠን ለማግኘትም ኩንታል ጥሩ መለኪያ ነው። አንድ ኩንታል ዱቄት ተጋግሮ ሲሸጥ ስንት ያስገባል? ለዚያው ኩንታል ስንት ወጣ? በሁለቱ መካከል የሚቀረው ገንዘብ ኪራዩንና ደመወዙን ለመክፈል የሚውል ነው። የወሩን ቋሚ ወጪ በዚህ ቀሪ ገንዘብ ስናካፍል መልሱ በኩንታል ይመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሰፈር የሚከፈት ትንሽ ዳቦ ቤት እናስብ። የምጠቀምባቸው ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ሰፈር ዋጋ ይተካባቸው።

ከቋሚው ወጪ እንጀምር። ኪራይ በወር 45,000 ብር፣ የሻጭ፣ የረዳትና የጥበቃ ደመወዝ 36,000 ብር ነው። ምድጃውና ማቡኪያ ማሽኑ በ1,200,000 ብር ተገዝተው 10 ዓመት ያገለግላሉ ብንል፣ በየወሩ 10,000 ብር እርጅና ይያዝባቸዋል። ይህን የሚዘነጋ ሰው ምድጃው ሲሞት ሌላ መግዣ ያጣል። ባለቤቷም ከሌሊት ጀምራ የምትሠራ ከሆነ ለራሷ 20,000 ብር ትመድብ። «የራሴ ቤት ነው» ብላ ይህን ከዘለለች ዳቦ ቤቱ ያተረፈ የሚመስለው በእሷ ነፃ ጉልበት ነው።

ኤሌክትሪክ ግን ከሁለቱም ወገን ነው። ምድጃው አንድ ትሪ ዳቦም ሆነ ሙሉ ኩንታል ይግባበት፣ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ተነስቶ እስኪግል የሚበላው ኃይል ያው ነው። ስለዚህ ማሞቂያው ከመብራቱና ከውኃው ጋር ተደምሮ በወር 9,000 ብር ቋሚ ወጪ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ኩንታል የሚቃጠለው ደግሞ ተለዋዋጭ ነው። ቋሚው በድምሩ 120,000 ብር መጣ።

አሁን ወደ ኩንታሉ እንሂድ። ዱቄቱ 9,000 ብር፣ እርሾ፣ ጨውና ዘይት 600 ብር፣ መጋገሪያ ኃይል 400 ብር ነው። ጋጋሪው በወር ደመወዝ ሳይሆን በጋገረው ልክ የሚከፈለው ከሆነ ለኩንታሉ 500 ብር እንጨምር። በወር ደመወዝ ቢቀጠር ኖሮ ይኸው ገንዘብ ወደ ቋሚው ዓምድ ይሻገር ነበር። ተለዋዋጩ በአንድ ኩንታል 10,500 ብር ሆነ።

መቶ ኪሎ ዱቄት ውኃና ሌላው ሲጨመርበት ወደ 160 ኪሎ የሚጠጋ ሊጥ ይወጣዋል። በማሽኑና በጠረጴዛው ላይ የሚቀረውን ቀንሰን 155 ኪሎ ብንይዝና አንዱን ዳቦ በ100 ግራም ሊጥ ብንቆርጠው 1,550 ዳቦ ይሆናል። በ10 ብር ሲሸጥ 15,500 ብር ነው። ወጪው 10,500 ብር ስለሆነ ከኩንታሉ 5,000 ብር ተረፈ። 120,000ን በ5,000 ብናካፍል መልሱ 24 ኩንታል ነው፤ በቀን አንድ ኩንታል እንኳ አይሞላም።

ብዙ የሥራ ዕቅድ እዚህ ላይ ይቆማል፤ ብዙ ዳቦ ቤትም የሚከስረው ከዚሁ የተነሳ ነው። ስሌቱ የተጋገረው ሁሉ በሙሉ ዋጋ ይሸጣል ብሎ አምኗል። እውነተኛው ቀን እንዲህ አይደለም። ከ1,550ው ውስጥ 500ውን የሰፈር ሱቆች ወስደው በ10 ብር ስለሚሸጡት ዳቦ ቤቱ ለእነሱ በ9 ብር ይሰጣል። ማታ ሲዘጋ ደግሞ 100 ዳቦ ያድራል እንበል። ያደረ ዳቦ በነጋታው ከትኩሱ አጠገብ ማን ይገዛዋል? ስለዚህ 950 ዳቦ በ10 ብር 9,500 ብር፣ 500 ዳቦ በ9 ብር 4,500 ብር፣ በድምሩ 14,000 ብር ገባ። ላደሩት 100 ዳቦዎች ዱቄቱም እርሾውም የጋጋሪው እጅም ተከፍሎባቸዋል፤ ስለዚህ ወጪው 10,500 ብር እንደሆነ ነው፤ የሚተርፈው 3,500 ብር ብቻ።

120,000ን በ3,500 እናካፍል፤ ከ34 ኩንታል አለፈ። ገቢው የቀነሰው ከመቶ አሥር እንኳ ሳይሞላ፣ መሸጥ ያለበት ግን ከመቶ አርባ በላይ ጨመረ። ቀሪው ገንዘብ ጠባብ በሆነበት ሥራ ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ ከሽያጩ የምትጎድል ትንሽ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የምትነሳው ከዚያችው ጠባብ ቀሪ ላይ ነው።

34 ኩንታል ይሸጣል ወይ የሚለውን ግን ካልኩሌተር አይመልሰውም። በሩ ላይ ቆሞ መቁጠር ነው። ሠላሳውንም ቀን ቢሠራ በቀን 1.14 ኩንታል ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ በዳቦ ቤቱ መስኮት መሸጥ ያለበት ወደ 1,090 ዳቦ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 5 ዳቦ ይገዛል ብንል በቀን 218 ገዢ ያስፈልጋል። የዳቦ ገበያ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይደምቅም። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ብቻ ሰው ይመጣል ብንል፣ ለአራት ሰዓት ያህል በየደቂቃው አንድ ገዢ እየመጣ አይቋረጥም ማለት ነው። ቤቱን ከመከራየት በፊት በዚያ ሰፈር ያለው ሌላ ዳቦ ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ የሥራ ቀንና አንድ እሑድ፣ ገዢውን ቆጥሮ ማየት ይቻላል። ሰልፉ በደቂቃ አንድ ሰው ካላለፈ፣ ለሁለት ዳቦ ቤት የሚበቃ ገዢ የለም።

የዱቄት ዋጋ ሲጨምር ምን ይሆናል? በኩንታል 1,000 ብር ቢጨምር የሚተርፈው ወደ 2,500 ብር ይወርዳል፤ መሸጥ ያለበት 48 ኩንታል ይሆናል። ዋጋ መጨመር ገዢ ያሸሻል ብሎ የሚፈራ ባለቤት እጁ የሚሄደው ወደ ግራሙ ነው። ሊጡን ከ100 ወደ 93 ግራም ቢያወርደው ከዚያው ኩንታል ከ110 በላይ ተጨማሪ ዳቦ ያገኛል፤ ከተሸጡለት የጨመረበትን 1,000 ብር ያህል ይመልሱለታል። ዳቦ ዋጋው ሳይነካ የሚያንሰው በዚህ ሒሳብ ነው። የንግድ ተቆጣጣሪዎችም ሚዛን ይዘው የሚመጡት ይህንን ስለሚያውቁ ነው፤ ዳቦ ደግሞ ሲጋገር ውኃው ተንኖ ከሊጡ ክብደት ከመቶ አሥር ወይም ከዚያ በላይ ስለሚያጣ፣ 93 ግራም የተቆረጠው ሚዛኑ ላይ 80 ግራም ገደማ ሆኖ ይገኛል።

ግራሙን ሳይነካ 48 ኩንታሉን ልሸጥ ቢልስ? በወር 48 ኩንታል በቀን 1.6 ኩንታል ነው። ምድጃው በአንድ ፈረቃ የሚያወጣው አንድ ተኩል ኩንታል ከሆነ፣ ገዢ ቢሰለፍም የሚሸጠው ዳቦ የለም። ሁለተኛ ፈረቃ ከተጨመረ ደግሞ አዲስ ረዳትና ሻጭ ይቀጠራሉ፤ የእነሱ 20,000 ብር ቋሚውን ወደ 140,000 ብር ያሳድገዋል፤ መሸጥ ያለበትም 48 መሆኑ ቀርቶ 56 ኩንታል ይሆናል። እንዲህ ያለ ባለቤት ኪራዩን ከመደራደር ወይም ለሱቆች የሚሰጠውን ቅናሽ ከማጥበብ ሌላ ብዙ መንገድ የለውም። ከሁለቱ ቶሎ የሚደርሰው የሱቆቹ ነው። የ1 ብሩን ቅናሽ ግማሽ ቢያደርገውና ሱቆቹ ባይሸሹት፣ በኩንታል 250 ብር ተጨምሮ የሚተርፈው 2,750 ብር ይሆናል፤ በአንድ ፈረቃም 44 ኩንታል ገደማ ይበቃዋል፤ በቀን ከአንድ ተኩል ኩንታል በታች ስለሆነም ምድጃው ይችለዋል።