ቡናውን የሚያጠራው ግፊት አይደለም

ፍሬንች ፕሬስ የገባበት ቤት ሁሉ አንድ ምክር አብሮት ይገባል፦ «አራት ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ እስከ ታች ድረስ በደንብ ተጫነው!» ካልተጫኑት ጣዕሙ አይወጣም፣ ቡናውም አይጠራም ይባላል። ይህ ምክር ብዙ ጥሩ ይርጋጨፌ አበላሽቷል። ጉዳቱ በዚያ ቢያበቃ እንኳ መልካም ነበር። ቡናው በጣም ከደቀቀ ወንፊቱ ይደፈናል፤ ሰውየው መጫኛው አልወርድ ሲለው በሙሉ ክብደቱ ይደገፍበታል፤ በዚያን ጊዜ የፈላው ውሃ በወንፊቱ ጠርዝ ተስፈንጥሮ እጁን ያቃጥለዋል፣ ወይም ብርጭቆው ይሰበራል።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በኤስፕሬሶ ማሽን ቡናውን በግማሽ ደቂቃ ገደማ ውስጥ የሚያወጣው 9 ባር የሚደርስ ግፊት ነው። በፍሬንች ፕሬስ ግን ሥራው የሙቅ ውሃና የጊዜ ነው። መጫኛው በሚወርድበት ሰዓት ጣዕሙ አስቀድሞ ውሃው ውስጥ ገብቷል። ለመጫኛው የቀረለት ሥራ የተንሳፈፈውን ቡና ወደ ስኒ እንዳይመጣ መያዝ ብቻ ነው።

እሱንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይይዝም። ማንኛውም መፍጫ፣ ውዱም ርካሹም፣ ከሻካራው ጋር የላመ ብናኝ ያወጣል፤ ብናኙም በብረት ወንፊቱ ቀዳዳ እንደልቡ ያልፋል። በኃይል ሲጫኑት ደግሞ ታች የሰከነው ይታወካል፣ በወንፊቱ በኩል ወደ ላይ የሚሮጠው ውሃም ብናኙን ይዞ ይወጣል። ምላስ ላይ የሚሻክረው፣ ስኒው ግርጌ እንደ ጭቃ የሚቀረው ይኸው ነው። ብናኙን ከቡናው የሚለየው ዕረፍት ነው። ጀበና የሚያፈላ ሰው ይህን ያውቃል፤ ቡናው ከፈላ በኋላ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አሳርፎ እስኪሰክን ይጠብቃል እንጂ ወዲያው አይቀዳም። ይህን እያወቁ ፍሬንች ፕሬስ ሲያገኙ «ተጫነው» ብለው የሚመክሩ ሰዎች ነገር ያናድዳል።

የ2007 የዓለም ባሪስታ ሻምፒዮን የሆነው እንግሊዛዊው ጄምስ ሆፍማን በሰፊው ያስተዋወቀው አሠራር በዚሁ በማስከን ላይ የቆመ ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 30 ግራም ቡና ይበቃል፤ ሚዛን ለሌለው 5 ወይም 6 የሾርባ ማንኪያ ይሆናል። ውሃው ሁሉም ቡና እስኪርስ ድረስ ይፈስስና 4 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ላዩ ላይ ወፍራም ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑን በማንኪያ ቀስ አድርገው ሲያማስሉት አብዛኛው ቡና ወደ ታች ይወርዳል፤ የቀረውን አረፋና ተንሳፋፊ በሁለት ማንኪያ ገፍፎ መጣል ነው። ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይረፍ። ቡናው አሁንም ትኩስ ነው። በመጨረሻ መጫኛው የሚወርደው ወንፊቱ የቡናውን ገጽ እስኪነካ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይገፋም። በዝግታ ይቀዳል፣ የመጨረሻዋ ጉንጭ ግርጌው ላይ ትቀራለች።

እስከ ታች መጫን የለመደ ሰው ቢያንስ በእጁ ክብደት ብቻ ያውርደው። ከከበደው ማቆም፣ ትንሽ ወደ ላይ መመለስና እንደገና በቀስታ መሞከር አለበት፤ በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ቡናው ትንሽ ሻከር ብሎ ይፈጭ።

«ከ4 ደቂቃ ካለፈ ይመርራል» የሚለውስ? ቡናው ግርጌ ከዘቀጠ በኋላ የሚነካው ውሃ ጥቂት ነው፣ ውሃውም እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ነገር በጣም ይዘገያል። በጣም ጠቁሮ ለተቆላ ቡና ግን ስጋቱ እውነት አለው፤ ለእሱ ውሃውን ትንሽ ማብረድ ይሻላል።

«የፈላ ውሃ ቡና ያቃጥላል» የሚለው አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቡናው በጣም ጠቁሮ ካልተቆላ በቀር ውሃው እስኪበርድ መጠበቅ አያስፈልግም፣ እንደፈላ መጨመር ነው።

«በተቻለ መጠን ሻካራ ይፈጭ» የሚባለውም የተጋነነ ነው። በጣም ከሻከረ ቡናው ቀጭንና ጎምዛዛ ይሆናል። በደንብ ካሰከኑት መካከለኛ አፈጫጭ ይበቃል።

ጠርቶ የሚታየው ቡና ግን እንደ ወረቀት ማጣሪያ ቡና አይደለም። ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ካፌስቶል የተባለው የቡና ቅባት በብረት ወንፊት ያልፋል፤ የሚያስቀረው ወረቀት ነው። ኮሌስትሮሉን እንዲቀንስ ሐኪም የነገረው ሰው የሰከነውን ቡና በወረቀት ማጣሪያ አሳልፎ ይጠጣ።