ሜጀር ሪቪዥን ሲመጣ፦ ለገምጋሚዎች ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት

በ1936 እ.ኤ.አ. አልበርት አንስታይንና ረዳቱ ናታን ሮዘን ስለ ስበት ሞገድ የጻፉትን ጽሑፍ «ፊዚካል ሪቪው» ለተባለው የአሜሪካ ጆርናል ላኩ። ጽሑፉ የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም የሚል ድምዳሜ ነበረው። የጆርናሉ አርታኢ ጆን ቴት ጽሑፉን ስሙ ላልተገለጸ አንድ ባለሙያ አስገመገሙት፤ ባለሙያውም አሥር ገጽ የሚሆን ትችት ጻፈ። ትችቱ ሲደርሰው አንስታይን ተቆጣ። ጽሑፉን የላከው እንዲታተም እንጂ ለሌላ ሰው እንዲታይ እንዳልሆነ፣ ለማይታወቅ ገምጋሚ አስተያየትም መልስ የሚሰጥበት ምክንያት እንደማይታየው ገልጾ ጽሑፉን መልሶ ወሰደ።

ገምጋሚው ግን እውነቱን ነበር። ሃዋርድ ሮበርትሰን የተባለው ይኸው የፕሪንስተን ፊዚሲስት ኋላ ላይ ስህተቱን ለአንስታይን አዲስ ረዳት ለሊዮፖልድ ኢንፌልድ አስረዳው። ጽሑፉ በ1937 በሌላ ጆርናል ሲወጣ ድምዳሜው ተለውጦ ነበር።

ዛሬ እንዲህ ያለ ቁጣ የሚያዋጣው ተመራማሪ የለም። ጽሑፍ ልኮ «ሜጀር ሪቪዥን» የሚል ውሳኔ የደረሰው ሰው ሁለት ነገር ይጠበቅበታል፤ የታረመ ጽሑፍና የምላሽ ደብዳቤ። ደብዳቤው ገምጋሚዎቹ ያነሷቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ እያነሣ መልስ የሚሰጥ ሰነድ ነው። ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ጋር አይታተምም። ጽሑፉ መታተም አለመታተሙ ግን በአመዛኙ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌው የፈጠራ ነው፤ የተመሠረተበት መረጃ ግን እውነተኛና በርካታ ኢትዮጵያውያን የጤና ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት። ጥናቱ 15,683 ሴቶችን አነጋግሯል። ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ከተወለዱት ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶው ብቻ እንደሆኑም አሳይቷል። ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ይህን መረጃ ይዘው «እናቶች በጤና ተቋም እንዳይወልዱ ምን ያግዳቸዋል?» ብለው ጽፈው ላኩ እንበል። ከወራት በኋላ ከሁለት ገምጋሚዎች ወደ ሃያ የሚጠጉ አስተያየቶች መጡላቸው። አብዛኞቹ የቃላትና የማብራሪያ ጉዳይ ናቸው። ሦስቱ ግን የጽሑፉን ወገብ የሚነኩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ መጻፍ አይደለም፤ መበተን ነው። የገምጋሚዎቹ ቃል እንዳለ፣ ሳይታጠርና ሳይለዘብ፣ ወደ አንድ ሰነድ ይገለበጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የገምጋሚ አንድ ሦስተኛ ነጥብ 1.3፣ የገምጋሚ ሁለት አራተኛ ነጥብ 2.4 እየተባለ። ገምጋሚዎች በአንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ጥያቄ ማጨቅ ይወዳሉ። ካልተነጣጠለ አንዱ ተመልሶ ሁለቱ ይረሳሉ፤ ገምጋሚው ደግሞ በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ የሚፈልገው የተረሳውን ነው። አዲስ ስሌት የሚጠይቁት ነጥቦች ለብቻ ይለዩና ከሁሉ በፊት ይሠራሉ። ውጤቱ ሳይታወቅ የተጻፈ ደብዳቤ ኋላ መፍረሱ አይቀርም።

አሁን ወደ ሦስቱ ከባድ ነጥቦች።

ነጥብ 2.1 እንዲህ ይላል፤ «ጸሐፊዎቹ እናቶቹን አንድ በአንድ ከመላ አገሪቱ እንደተመረጡ አድርገው ሠርተዋል። ናሙናው ግን እንዲያ አልተመረጠም።» ገምጋሚው ልክ ነው። በዚያ ጥናት መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ቦታ 28 ቤተሰቦች። በአንድ መንደር የሚኖሩ እናቶች መንገዳቸው፣ ጤና ጣቢያቸው፣ ልማዳቸውም አንድ ነው። ስለዚህ የአሥራ አንደኛዋ እናት መልስ ከፊተኞቹ አሥር እናቶች መልስ የሚጨምረው አዲስ ነገር ያን ያህል አይደለም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያዛባ በቀላል ስሌት ይታያል። በአንድ ቦታ በአማካይ 11 እናቶች ቢኖሩና የመመሳሰላቸው መጠን 0.2 ቢሆን፣ ከ11 ላይ 1 ተቀንሶ በ0.2 ይባዛል፤ 1 ይደመርበታል። ውጤቱ 3 ነው። መረጃው የሚሸከመው እውቀት ተመራማሪዎቹ ካሰቡት አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሦስቱ ጸሐፊዎች ስሌቱን እንደገና ሠሩት። በመጀመሪያው ጽሑፍ «የጤና ተቋም ርቀት ችግሬ አይደለም» ያሉ እናቶች በተቋም የመውለዳቸው ኦድስ ሬሾ 1.30፣ የመተማመኛ ወሰኑም ከ1.10 እስከ 1.54 ነበር። ወሰኑ 1ን ስላልነካ «ርቀት ወሳኝ ነው» ብለው ጽፈው ነበር። ርቀት የአንድ መንደር ሰዎች በአብዛኛው የሚጋሩት ነገር በመሆኑ መመሳሰሉ ሲታሰብ ወሰኑ ከ0.97 እስከ 1.74 ሰፋ። አሁን 1 በመሐሉ ገባ። ልዩነት አለ ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም።

የምላሽ ደብዳቤ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ደካማው መልስ «ስለ ገንቢ አስተያየትዎ እናመሰግናለን፤ ተስተካክሏል» ይላል። ምን ተስተካከለ? የት? ውጤቱስ ምን ሆነ? አርታኢው ይህን ለማወቅ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማሰስ አለበት፤ ጊዜ የለውም፤ ይጠረጥራል። ጥሩው መልስ እንዲህ ይነበባል፦

«መልስ 2.1፦ ትክክል ነዎት፤ ስሌቱ የናሙናውን አመራረጥ አላገናዘበም ነበር። ሁሉንም ትንተና የቆጠራ ቦታዎቹንና የናሙና ክብደቶችን ባገናዘበ ሞዴል እንደገና ሠርተናል። ከዋና ግኝቶቻችን አንዱ ተለውጧል፤ የርቀት ወሰን ከ1.10–1.54 ወደ 0.97–1.74 ሰፍቷል። ስለዚህ ርቀትን በሚመለከት የሰጠነውን ድምዳሜ አንሥተናል። ለውጡ በማጠቃለያው (መስመር 31–34)፣ በሠንጠረዥ 3 እና በውይይቱ (መስመር 288–297) ይገኛል። አዲሱ አንቀጽ ከዚህ በታች ተገልብጧል።»

መጀመሪያ ቀጥተኛ መልስ፣ ቀጥሎ የተሠራው ሥራ፣ ቀጥሎ የተለወጠው ውጤት፣ በመጨረሻ ቦታው። ዊልያም ኖብል በ2017 በ«ፕሎስ ኮምፒውቴሽናል ባዮሎጂ» ባወጣው አጭር መመሪያም ደብዳቤው ለብቻው ተነብቦ የሚገባ እንዲሆንና እያንዳንዱ መልስ በቀጥተኛ ቃል እንዲጀምር ይመክራል። የተለወጠው አንቀጽ በደብዳቤው ውስጥ ከተገለበጠ ገምጋሚው ዋናውን ጽሑፍ ሳይከፍት ሊፈርድ ይችላል።

ሁለተኛው ከባድ ነጥብ የአገላለጽ ይመስላል፤ ነገር ግን የስሌት ነው። ጸሐፊዎቹ «የተማሩ እናቶች በጤና ተቋም የመውለድ ዕድላቸው 3.5 እጥፍ ነው» ብለዋል። ከመቶ የተማሩ እናቶች 60ዎቹ፣ ካልተማሩት መቶ ደግሞ 30ዎቹ በተቋም ወልደዋል እንበል። ማንም ሰው 60ን ከ30 ጋር ሲያስተያይ እጥፍ ይላል። ኦድስ ሬሾ ግን የወለዱትን ካልወለዱት ጋር ነው የሚያካፍለው፤ 60 ለ40፣ 30 ለ70። የሁለቱ ንጽጽር 3.5 ይመጣል። ጉዳዩ ብርቅ በሽታ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረቡ ነበር። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ሲሆን ግን ኦድስ ሬሾ ልዩነቱን አግንኖ ያሳያል። ገምጋሚው የዕድሎቹ ቀጥተኛ ንጽጽር እንዲሠራ ጠየቀ፤ ጸሐፊዎቹ ሠርተው 2 አገኙ።

ብዙ ደብዳቤ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሠንጠረዡ ይታረማል፣ ደብዳቤው «ታርሟል» ይላል፣ በማጠቃለያው ላይ ግን «3.5 እጥፍ» እንዳለ ይቀራል። አርታኢ መጀመሪያ የሚያየው ማጠቃለያውን ነው። አንድ ያረጀ ቁጥር ካገኘ ሌሎቹንም መልሶች አያምንም። ስለዚህ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ከጸሐፊዎቹ አንዱ አሮጌዎቹን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በፋይሉ ውስጥ እየፈለገ ከማጠቃለያ እስከ ሥዕል መግለጫ መፈተሽ አለበት።

ሦስተኛው ነጥብ እምቢ የሚባልበት ነው። ሬዲዮ በሚሰሙና በማይሰሙ እናቶች መካከል ልዩነት አልታየም ነበር። ገምጋሚ አንድ «ናሙናው በቂ እንዳልነበረ ለማወቅ ከተገኘው ውጤት ተነሥታችሁ የፓወር ስሌት ሥሩ» አለ። ጥያቄው የተለመደ ነው፤ ሆኖም አይረባም። ሆኒግና ሃይዚ የተባሉ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በ2001 እንዳሳዩት፣ ከተገኘው ውጤት ተነሥቶ የሚሰላ ፓወር የዚያኑ ውጤት ፒ-ቫሊዩ በሌላ መልክ የሚደግም ነው፤ አዲስ ነገር አይነግርም።

ታዲያ «ገምጋሚው አልገባውም» ተብሎ አይጻፍም። የጥያቄው ፍሬ ምንድን ነው? ገምጋሚው ማወቅ የፈለገው «ልዩነት የለም» እና «ልዩነቱን ለማየት አልቻልንም» የሚሉት ተለይተው መቀመጣቸውን ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱ ጥያቄውን ተቀብሎ መንገዱን ይለውጣል፤ የመተማመኛ ወሰኑ ከ0.88 እስከ 1.27 መሆኑን ይጠቅሳል፣ መረጃው ከመጠነኛ ቅናሽም ከመጠነኛ ጭማሪም ጋር እንደሚስማማ ይናገራል፣ «ሬዲዮ ለውጥ አያመጣም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከጽሑፉ ያወጣል፣ የተጠየቀው ስሌት ለምን እንዳልተሠራም በሁለት መስመር ከነማስረጃው ያስረዳል። እምቢታው ብቻውን አልቀረም፤ ጽሑፉ ላይ የታየ ለውጥ አስከትሏል።

እንዲህ ያለ እምቢታ ከሃያ ነጥብ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲሆን ይከበራል። ግማሹን ነጥብ የሚከራከር ደብዳቤ ግን ምክንያቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አርታኢውን ያስቸግራል። ገምጋሚ አንድ «ውይይቱ ይስፋ»፣ ገምጋሚ ሁለት «ይጠር» ሲሉ ደግሞ ጸሐፊዎቹ አንዱን መርጠው ምርጫቸውን ለሁለቱም በየቦታው መግለጽ አለባቸው። ከርዕሱ ጋር የማይገናኙ የራሱን ጽሑፎች እንዲጠቅሱለት የሚያስገድድ ገምጋሚ ሲያጋጥም ለአርታኢው ለብቻው መጻፍ ይቻላል።

በመጨረሻ፣ በደብዳቤው አናት ላይ ለአርታኢው አንድ አንቀጽ ይቀመጣል። ሦስቱ ታላላቅ ለውጦች ምን እንደሆኑ፣ የትኛው ድምዳሜ እንደጸና፣ የትኛው እንደተነሣ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይናገራል። በምሳሌአችን፦ የትምህርት ተጽዕኖ ጸንቷል፣ መጠኑ ግን ከ3.5 ወደ 2 ወርዷል፤ የርቀት ድምዳሜ ተነሥቷል። አርታኢው ሌላውን ሁሉ የሚያነበው ይህን ይዞ ነው።

እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ድሮ በአርታኢዎች መሳቢያ ይቀሩ ነበር፤ አሁን ግን ብዙዎቹ በነፃ ይነበባሉ። «ኢምቦ ጆርናል» ከ2009፣ «ኢላይፍ» ደግሞ ከተመሠረተበት ከ2012 ጀምሮ የገምጋሚዎችን አስተያየትና የጸሐፊዎችን መልስ ከጽሑፎቹ ጋር ያወጣሉ። የመጀመሪያው ሜጀር ሪቪዥን የደረሰው ተመራማሪ አንድ መስመር ከመጻፉ በፊት ለሙያው ከሚቀርቡት ሁለት ሦስቱን ከፍቶ ያንብብ፤ በተለይ ጸሐፊዎቹ ድምዳሜያቸውን የለወጡባቸውን።